6309 የት ይገኛል? አስመጪ፣ ሱቅ ወይስ ቴሌግራም

ደብረ ማርቆስ ላይ ለወፍጮ ባለቤቶችና ለጥገና ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ኩሽኔታ ነው። ስለ ኩሽኔታ ዓይነቶች ሁሉ ልናወራ አይደለም፤ ስለ አንዱ ብቻ። ቁጥሩ 6309 ነው። የመረጥኩት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ 15 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ሞተር ስላላችሁና በዚያ መጠን ሞተር ውስጥ 6309 በብዛት ስለሚገኝ ነው። እሱን መግዛት የቻለ ሰው የፓምፑንም፣ የመጋዙንም መለዋወጫ በዚያው መንገድ ያገኛል።

ነገሩን በአንድ የሉማሜ ወፍጮ ባለቤት ልጀምር። ሞተራቸው ጮኸ፣ ጋለ፣ ቆመ። መካኒኩ ፈታው። የፊት ኩሽኔታው አልቋል። በናፍጣ አጥቦ ሲያየው ቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይነበባል፦

```
6309-2Z/C3
```

ዕቃው ታወቀ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ከየት ይገዛ? እሳቸው እንዳብዛኛው ሰው ስልክ አንስተው «የሞተር ኩሽኔታ አላችሁ ወይ?» ብለው መደወል ጀመሩ። መልሱ ግማሹ «የለም»፣ ግማሹ «አለ፣ ይምጡና ይዩት» ሆነ። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። ሻጩ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ከመደወላችን በፊት ቁጥሩን እንፍታው።

መጀመሪያ ያለው 63 የኩሽኔታው ዓይነትና ውፍረት ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን 09 በ5 ስታባዙት 45 ይመጣል፤ የውስጡ ቀዳዳ 45 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የ6309 ውጭው 100 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ በካሊፐር ለክታችሁ 45፣ 100፣ 25 ካገኛችሁ ቁጥሩ ተመልሶ ይመጣል።

2Z ማለት በሁለቱም ጎኑ የብረት ክዳን አለው ማለት ነው። ግራሶው ከፋብሪካው ውስጡ ታሽጎ ይመጣል። አሁን በደንብ ስሙኝ። 2Z ብሎ የሚጽፈው የስዊድኑ ኤስኬኤፍ ነው። የጃፓኖቹ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን እና ኮዮ ያንኑ ክዳን ZZ ብለው ይጽፉታል። ዕቃው አንድ ነው። የሉማሜው ሰውዬ ከደወሉላቸው ሱቆች አንዱ «2Z የለኝም» ብሎ ስልኩን ዘግቷል፤ መደርደሪያው ላይ ግን 6309 ZZ C3 ነበረው። የላስቲክ ክዳንም እንዲሁ ነው። አንዱ 2RS ይለዋል፣ ኤንኤስኬ DDU ይለዋል፣ ኤንቲኤን LLU ይለዋል። ስለዚህ ስትጠይቁ «6309፣ ሁለት ጎኑ በብረት የተከደነ፣ ሲ3» በሉ። የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ሻጩ ራሱ ይንገራችሁ።

የመጨረሻው C3 ነው። ሰው የሚረሳው እሱን ነው፤ ገንዘብ የሚያስከፍለውም እሱ ነው። በኩሽኔታው ኳሶችና ቀለበቶች መካከል በዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። C3 ማለት ይህ ክፍተት ከመደበኛው ሰፋ ብሎ የተሠራ ማለት ነው። በ6309 መጠን መደበኛው ከ6 እስከ 23 ማይክሮን ነው፤ C3 ደግሞ ከ18 እስከ 36። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ታዲያ ይህቺ ትንሽ ነገር ምን ትሠራለች? ሞተር ሲሠራ ውስጡ ይግላል። የውስጠኛው ቀለበት ከውጭኛው ይልቅ ይግልና ይሰፋል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ኳሶቹ ይጨናነቃሉ። ሲጨናነቁ የባሰ ይግላሉ። ብዙ ሳይቆይ ያው ጩኸት ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱም «ሻጩ አታለለኝ» ይላል። ሻጩ ግን 6309 ተጠየቀ፣ 6309 ሸጠ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መደበኛ ክፍተት ያለው ኩሽኔታ ስለ ክፍተቱ ምንም አይጻፍበትም። ስለዚህ ቀለበቱ ላይ C3 የሚል ካላያችሁ «ሳይጻፍበት ቀርቶ ነው» አትበሉ። C3 አይደለም ብላችሁ ተነሱ። አንዳንድ የጃፓን ኩሽኔታ ላይ ደግሞ CM የሚል ታገኛላችሁ። እሱ ለኤሌክትሪክ ሞተር ተብሎ የተሠራ ክፍተት ነው፤ መካኒካችሁ ከተስማማ ይሆናል። የመጀመሪያው ምርጫችሁ ግን ሞተሩ ይዞት የመጣው ይሁን።

እንግዲህ ወደ ገበያ እንውጣ።

ከቅርቡ እንነሳ። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር ላይ መለዋወጫ ሱቅ ሞልቷል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ዕቃ አይዝም። የባጃጅና የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ቤት 6202፣ 6301 የመሳሰሉ ትንንሽ ኩሽኔታዎች ይይዛል፤ በየቀኑ ስለሚሸጡለት። 6309 አይዝም፤ ቢይዝ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ እዚያ ሄዳችሁ «የለም» ስትባሉ ከተማው ውስጥ የለም ማለት አይደለም። 6309 የሚገኘው የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ፣ የጄኔሬተርና የከባድ መኪና ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ነው። ሌላም ቦታ አለ። ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ጋ ሂዱ። እነሱ አንድ ሞተር በጠቀለሉ ቁጥር ኩሽኔታ ይቀይራሉ። ባይኖራቸው እንኳ ከማን እንደሚያመጡ ያውቃሉ። ቶርኖ ቤቶችም እንዲሁ።

የፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ጠይቁት። ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ የዘይት ፋብሪካዎች አሉ። ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ሰው ኩሽኔታ ሲቀይር ነው የሚኖረው። ዕቃውን እንዲሰጣችሁ አይደለም፤ ያ የፋብሪካው ንብረት ነው። የምትፈልጉት «ከየትኛው አስመጪ ነው የሚገዛው? ዕቃው እንዴት ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። ለኔ እንዲህ ያለ አንድ መልስ ከብዙ የቴሌግራም ማስታወቂያ ይበልጥብኛል። ምክንያቱም ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ አሠርቶ ያየ ሰው መልስ ነው።

የሱቅ ትልቁ ጥቅሙ ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ ማየታችሁ ነው። እንግዲያው በደንብ እዩት። ካርቶኑን ብቻ አንብባችሁ አትመለሱ። አውጡትና ቀለበቱን አንብቡ። የካርቶኑና የቀለበቱ ጽሑፍ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ካርቶኑ C3 ብሎ ቀለበቱ ዝም ካለ አትግዙ። የቀለበቱ ጽሑፍ ጥርት ያለ መሆን አለበት። በጣት ሲታሽ የሚደበዝዝ፣ የተዛነፈ ወይም ከስሩ ሌላ ጽሑፍ የተፋቀ የሚመስል ከሆነ ተዉት። ብረቱ ላይ የሞረድ ወይም የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ካያችሁ ያገለገለ ታጥቦና ተወልውሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። የውስጡን ቀለበት ይዛችሁ በእጅ አዙሩት። ግራሶ ስላለበት ትንሽ ከበድ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ መዞር አለበት። የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አሸዋ ወይም ዝገት አለበት።

የሉማሜው ሰውዬ ማርቆስ መጥተው በአንዱ ሱቅ «6309 አለ» ተባሉ። አለ፣ እውነት ነው። ግን ክዳኑ የላስቲክ ነው፣ 2RS። C3 ደግሞ አልተጻፈበትም። እዚህ ላይ የትኛው ልዩነት እንደሚያሳስብ ማወቅ ያስፈልጋል። የላስቲክ ክዳን ብዙም አያስጨንቀኝም። የወፍጮ ሞተር በደቂቃ 1,450 ዙር ገደማ ነው የሚዞረው፤ ያ ፍጥነት ለላስቲክ ክዳን አይከብድም። እንዲያውም የዱቄት ብናኝ በመከላከል ከብረቱ ይሻላል። የሚያሳስበው C3 አለመሆኑ ነው። ሱቁ ውስጥ 6309 2RS C3 ቢኖር ኖሮ ይግዙት ነበር የምለው። ያለ C3 ግን አይሆንም።

ስለ «ኦሪጅናል» አንድ ነገር ልበል። ከስሙ በላይ የሚያሳስበኝ ስሙ የራሱ መሆኑ ነው። ZWZ፣ HRB፣ LYC የቻይና ፋብሪካዎች ናቸው፤ በገዛ ስማቸው የሚሠሩ፣ የታወቁ። የእነሱን ዕቃ በእነሱ ስም መግዛት ምንም ነውር የለውም። የሚጎዳችሁ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ኩሽኔታ የስዊድን ወይም የጃፓን ስም ተለጥፎበት ሲመጣ ነው። የስሙን ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ ዕቃው ግን የማንም አይደለም። ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ለዚህ መላ አበጅተዋል። ለምሳሌ ኤስኬኤፍ SKF Authenticate የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለው። የኩሽኔታውንና የካርቶኑን ፎቶ እያነሳችሁ ትልካላችሁ። ኩባንያው አይቶ መልስ ይሰጣል። ኢንተርኔት ባለበት ቀን ይህን ማድረግ ምንም ወጪ የለውም፤ ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት።

ቀጥሎ አስመጪው ነው። ብዙዎቻችሁ አስመጪ ሲባል ትልቅ መጋዘን ያለው፣ አንድ ኩሽኔታ የማይሸጥ ሰው ይመስላችኋል። አንዳንዱ እንደዚያ ነው፤ በካርቶን ካልሆነ አይሸጥም። ብዙው ግን መርካቶ ውስጥ፣ ሶማሌ ተራና በአካባቢው፣ የራሱ የችርቻሮ ሱቅ አለው። ስልክ ደውላችሁ አንድ ፍሬ ብትጠይቁት ይሸጥላችኋል። ማን አስመጪ እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ? አንደኛው መንገድ የፋብሪካው ድረ ገጽ ነው። ትልልቅ የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ድረ ገጽ ላይ በአገር የተከፋፈለ የወኪል ዝርዝር ይኖራል። Distributor ወይም Where to buy በሚል ቃል ታገኙታላችሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ያለ ሰው በፋብሪካው የታወቀ ነው። ስሙ የሌለ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ከዱባይ ነጋዴ ገዝቶ የሚያስገባ ቅን አስመጪም አለ። የሚለያዩት በማረጋገጫ ነው። ወኪሉ ስለ ዕቃው ምንጭ ፋብሪካውን ሊያስመሰክር ይችላል። ሁለተኛው የራሱን ቃል ነው የሚሰጣችሁ።

ስትደውሉ የምትጠይቁትን አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎጃም ነው የምደውለው። 6309፣ ሁለት ጎኑ በብረት የተከደነ፣ ሲ3 አላችሁ? የየትኛው ፋብሪካ ነው? አሁን እጃችሁ ላይ ስንት ፍሬ አለ? ዋጋው ቫትን ይጨምራል? ይህ ዋጋ እስከ መቼ ይጸናል?» ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። «ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ከእናንተ የሚወስድ ነጋዴ አለ?» አስመጪ ደንበኛውን አይደብቅም፤ ዕቃው እንዲሸጥለት ይፈልጋል። ስሙን ከሰጣችሁ የአስመጪውን ዕቃ እዚሁ ከተማችሁ ውስጥ አገኛችሁት ማለት ነው። አሁን ደግሞ የአዲስ አበባውን ዋጋ ታውቃላችሁ። ከአገሩ ነጋዴ ጋር ስትደራደሩ ዝም ብላችሁ «ቀንስ» አትሉም፤ ከምን ተነስቶ እንደሚሸጥ እያወቃችሁ ነው የምትነጋገሩት። እሱም መጓጓዣ ከፍሏል፣ ገንዘቡን ዕቃ ላይ አስሯል። ትርፉ ይገባዋል።

ዋጋው እስከ መቼ ይጸናል የሚለውን አትዝለሉት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአስመጪ ዋጋ የሚንቀሳቀሰው ቀጣዩን ዕቃ በስንት እንደሚያስገባው እያሰበ ነው። ባለፈው ወር ያገኛችሁት ፕሮፎርማ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ከዚህ የሚመጣ አንድ የሚገርም ነገር አለ። አንዳንዴ የገጠር ከተማ ሱቅ ከአስመጪው ይረክሳል። ሱቁ ዕቃውን ቀደም ብሎ በድሮው ዋጋ ገዝቶት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ስታገኙ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ዕድሜውን አስቡ። ግራሶው ውስጡ ታሽጎ ስለሚመጣ ብዙ ዓመት የቆየ ከሆነ ይደርቃል። መጠቅለያ ላስቲኩ የተቀደደና አቧራ የገባበት ከሆነ ርካሽነቱ አይጠቅምም።

አሁን ወደ ቴሌግራምና ወደ ኦንላይን ገበያ ልምጣ። በቴሌግራም ቻናሎች፣ በፌስቡክ፣ በ jiji.com.et ላይ ኩሽኔታ የሚያስተዋውቅ ሰው አለ። ፍለጋው ላይ «የሞተር ኩሽኔታ» ብላችሁ አትጻፉ። 6309 ብቻ ጻፉ። ዕቃውን የሚያውቅ ሻጭ ቁጥሩን ይጽፋል፤ የማያውቅ ፎቶ ብቻ ይለጥፋል።

ከኦንላይን ሻጮች ብዙዎቹ ደላላ ናቸው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ደላላ ባይኖር ብዙ ዕቃ አይገኝም። ግን ማወቅ አለባችሁ። ምልክቱ ያው ፎቶ በተለያየ ቻናል፣ በተለያየ ስልክና ዋጋ መውጣቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን ሳይሆን «ዕቃው አሁን እጅህ ላይ ነው ወይስ ታመጣለህ?» የሚለውን ነው። «እጄ ላይ ነው» ካለ ቀለበቱን አቅርቦ ፎቶ እንዲያነሳ ጠይቁት። አጠገቡ የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። ጽሑፉ እስኪነበብ ድረስ ቅርብ ይሁን። ዕቃው ያለው ሰው ይህን ለማድረግ ብዙም ጊዜ አይፈጅበትም። «ፎቶው ቻናሉ ላይ አለ» የሚል ሰው ዕቃው የለውም፤ ወይም ያለውን እንድታዩት አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ ማንነቱ። የንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ጠይቁ። በ etrade.gov.et ላይ ፈቃዱን ማጣራት ይቻላል። አንዳንዴ ፈቃዱ የሌላ ሥራ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ወይም ጭራሹን አታገኙትም። ገንዘብ አስተላልፉ የሚላችሁ ሒሳብም በዚያው ስም መሆን አለበት። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። እዚያ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ። ስሙ ሌላ ከሆነ «የወንድሜ ሒሳብ ነው» በሚል መልስ አትርኩ። የተላከ ገንዘብን ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይቀላል። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ጎጃሜ ማን ነው? የአክስት ልጅ፣ የድሮ ጎረቤት፣ አብሮ አደግ፣ ማንም ይሁን። የቀለበቱን ጽሑፍ በቴክስት ላኩለትና ሄዶ ይየው። ቁጥሩ፣ C3፣ ካርቶኑ አንድ ከሆነ እዚያው ይክፈል፣ ደረሰኝ ይቀበል፣ መናኸሪያ ወስዶ በመኪና ይላክ። ኩሽኔታው ከ800 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። «ሱቅ የለንም፣ ክፈሉና እንልካለን» የሚል ሻጭ ዘመዳችሁን አያስጠጋውም። መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ከውጭ አገር ድረ ገጽ ማዘዝን በአጭሩ ልለፈው። ዋጋው ርካሽ ይመስላል። ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል፣ በፖስታ ይቆያል፣ ጉምሩክ አለበት። እዚያም ሐሰተኛ ዕቃ አለ፤ የምትመልሱበት መንገድ ግን የለም። ለቆመ ወፍጮ አይሆንም።

አሁን የሉማሜውን ሒሳብ አብረን እንሥራ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለምሳሌ ያህል በድፍን ቁጥር ነው የማስቀምጠው፤ እናንተ የዕለቱን አስገቡበት። ማርቆስ ያ ZZ C3 ያለው ሱቅ 4,500 ብር አለ። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ 3,200 ብር ከቫት በፊት አለ። ቴሌግራም ላይ ያለው ሻጭ ደግሞ 2,600 ብር።

ቁጥሮቹን እንዲሁ ያየ ሰው ቴሌግራሙን ይመርጣል። እንቀጥል። የአስመጪው ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 3,680 ይሆናል። ወፍጮ ቤቱ ለቫት ያልተመዘገበ ከሆነ ቫቱን የሚያቀናንሰው ነገር የለም፤ ሙሉው ወጪው ነው። መላኪያ 250 ብር እንበል፤ 3,930 ሆነ። የቴሌግራሙ ከመላኪያው ጋር 2,850 ሆነ። አሁን ሰው የሚረሳውን ጨምሩበት። ወፍጮው ከቆመ በቀን የሚያጡት የተጣራ ገቢ 1,500 ብር ነው እንበል። ከአዲስ አበባ ዕቃ ተገዝቶ፣ ተልኮ፣ ዓባይን ተሻግሮ እስኪደርስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለት ቀን 3,000 ብር ነው። እንግዲህ የአስመጪው 6,930፣ የቴሌግራሙ 5,850፣ የማርቆሱ ሱቅ 4,500። የቴሌግራሙ ዕቃ እውነተኛ ሆኖ ቢመጣ እንኳ ውዱ እሱ ነው ከሱቁ ጋር ሲተያይ። ሐሰተኛ ሆኖ ቢመጣ ደግሞ ሞተሩ እንደገና ይፈታል፣ መካኒክ እንደገና ይከፈላል። መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት ከሆነማ ሁለት ቀን የነበረው አምስት ሊሆን ይችላል። ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለዚህ ሰውዬው ምን አደረጉ? የማርቆሱን ሱቅ ኩሽኔታ በ4,500 ገዙ፤ ቀለበቱን አንብበው፣ አዙረው አይተው። በማግስቱ ወፍጮው ተነሳ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አስመጪውን ደውለው ሁለተኛ ኩሽኔታ አዘዙ። አሁን የሚያስቸኩል ነገር የለም። ወፍጮው እየሠራ ስለሆነ የቆመ ቀን ሒሳቡ ውስጥ አይገባም፤ 3,930 ብር ብቻ። ከሱቁ 570 ብር ያንሳል። ያው አስመጪ ለቆመ ወፍጮ ውድ፣ ለመጠባበቂያ ርካሽ ሆነ። የአስመጪና የሱቅ ክርክር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። «ማን ይረክሳል?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ዛሬ ወፍጮዬ ቆሟል ወይስ እየሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተዋል። ይበሉ እትዬ።

«ልጄ፣ ገዝተን ወስደን ባይሆንስ? ይመልሱልናል ወይ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ይነጋገሩ። «ካልሆነ፣ ካርቶኑ ሳይጎዳ፣ ሳይገጠም ከመለስኩት ትቀበለኛለህ?» ይበሉት። ብዙ ሱቅ ይስማማል። አንዴ ከተገጠመ ግን የሚመልስ የለም፤ እውነቱን ለመናገር ሻጩ ላይም አልፈርድም፤ በመዶሻ ተመትቶ ገብቶ ይሆናል። ስለዚህ መካኒኩ ከመግጠሙ በፊት አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ይለካ። ደረሰኙ ላይ ደግሞ «ኩሽኔታ 1 ፍሬ» ብቻ አያስጽፉ። ሙሉው ቁጥር፣ የፋብሪካው ስም፣ C3 ድረስ ይጻፍልኝ ይበሉ። «ኩሽኔታ 1 ፍሬ» በሚል ደረሰኝ ማንም ሰው ፊት ቆመው የትኛው ኩሽኔታ እንደተሸጠልዎ ማስረዳት አይችሉም።

ከኋላ ደግሞ አንድ ወጣት፣ መካኒክ ነህ መሰለኝ።

«የኋላውን ኩሽኔታስ? አብሮ ይገዛል?»

አዎ፣ ግን ቁጥሩን ከራሱ ላይ አንብብ። በአንዳንዱ ሞተር የፊትና የኋላው አንድ ነው፣ በአንዳንዱ የኋላው ያንሳል፣ 6209 ይሆናል። የ6209 ቀዳዳም 45 ነው። ውጭው ግን 85፣ ወርዱ 19 ነው። በቀዳዳው ብቻ ለክተህ ብታዝ ልትሳሳት ትችላለህ። ሞተሩ አንዴ ከተፈታ ሁለቱንም መቀየር ይሻላል፤ የመፍቻው ድካም ያው ነውና። አስመጪው ጋ ስትደውልም ሁለቱን አንድ ላይ ጠይቅ። መላኪያው አንድ ነው።

መጠባበቂያውን ስለ ማስቀመጥ ተናግሬ ልጨርስ። ከካርቶኑና ከላስቲኩ አታውጡት፤ እስኪገጠም ድረስ። በጎኑ አጋድማችሁ፣ ደረቅ ቦታ፣ ከወፍጮው ንዝረት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉትን አይቻለሁ፤ ዱቄትና ንዝረት ሳይሠራበት ያረጀዋል፤ ቤት ይሻላል። ካርቶኑ ላይ የተገዛበትን ቀን፣ ዋጋውንና የሻጩን ስልክ በእስክሪብቶ ጻፉበት። የደረሰኙንና የቀለበቱን ፎቶ ደግሞ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ለመካኒካችሁም ላኩለት።